የመድኃኒት ማሸጊያ ምን ይላል? ከመግዛት በፊት መነበብ ያለባቸው አራት ነገሮች

መድኃኒት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገዛ ሰው ከመድኃኒት ቤት ሲወጣ በእጁ የሚይዘው ካርቶን በባዕድ ፊደል፣ በቁጥርና በአጽሕሮተ ቃላት የተሞላ ነው። አብዛኛው ገዢ ከዚህ ሁሉ የሚያነበው በትልቁ የተጻፈውን የንግድ ስም ብቻ ነው። ሆኖም የታማሚውን ደኅንነት በቀጥታ የሚመለከቱት መረጃዎች በአነስተኛ ፊደል የሰፈሩት ሌሎቹ ናቸው። እነዚህም የመድኃኒቱ ጥንካሬ፣ የተዘጋጀበት ዓይነት፣ የምርት መለያ ቁጥሩና የአገልግሎት ማብቂያ ጊዜው ናቸው።

አራቱንም በአንድ ምሳሌ መመልከት ነገሩን ያቀልለዋል። ለዚህም በአገራችን መድኃኒት ቤቶች በብዛት የሚገኘውና ለሕፃናት የሚታዘዘው የአሞክሲሲሊን ዱቄት፣ ማለትም በውሃ ተበጥብጦ የሚሰጠው ጸረ ባክቴሪያ መድኃኒት ተመርጧል።

ስሙ፦ ከትልቁ ፊደል በታች ያለው

በአንድ ማሸጊያ ላይ ሁለት ስሞች ይገኛሉ። አንደኛው አምራቹ ለሽያጭ ያወጣለት የንግድ ስም ነው። ሁለተኛው ደግሞ የመድኃኒቱ ፍሬ ነገር የሚታወቅበት የጋራ ስም ሲሆን፣ በየትኛውም ፋብሪካ ቢመረት አይለወጥም። አሞክሲሲሊን የጋራ ስም ነው። የተለያዩ ፋብሪካዎች በተለያየ የንግድ ስም ስለሚያቀርቡት፣ በስምም በቀለምም የማይመሳሰሉ ሁለት ካርቶኖች አንድ ዓይነት መድኃኒት ሊይዙ ይችላሉ።

የጋራ ስሙን አለማንበብ የሚያስከትለው ጉዳት በፓራሲታሞል በግልጽ ይታያል። ለጉንፋን የሚሸጡ በርካታ ድብልቅ መድኃኒቶች በውስጣቸው ፓራሲታሞል ይዘዋል። አንድ ሰው ለራስ ምታቱ የፓራሲታሞል ክኒን እየወሰደ ለጉንፋኑ ደግሞ ድብልቁን ቢጨምር፣ ሳያውቅ አንዱን መድኃኒት ሁለት ጊዜ ይወስዳል። ለጤናማ አዋቂ በ24 ሰዓት ውስጥ የፓራሲታሞል ጣሪያ 4 ግራም፣ ማለትም ባለ 500 ሚሊ ግራሙ 8 ክኒን ነው። ከዚያ በላይ ሲሆን ጉበትን ይጎዳል። የጉዳቱ ምልክት ወዲያው የማይታይ መሆኑ ደግሞ አደጋውን ያብሰዋል።

ጥንካሬው፦ በእያንዳንዱ መጠን ውስጥ ያለው ፍሬ ነገር

ከስሙ አጠገብ ያለው ቁጥር የመድኃኒቱን ጥንካሬ ያመለክታል። በክኒንና በካፕሱል ላይ 500 mg የሚለው ጽሑፍ እያንዳንዱ ፍሬ 500 ሚሊ ግራም መድኃኒት እንደያዘ ይናገራል። በፈሳሽ መድኃኒት ላይ ግን ቁጥሩ ሁለት ነው። በአሞክሲሲሊን ዱቄት ጠርሙስ ላይ 125 mg/5 ml ተብሎ ከተጻፈ፣ ከተበጠበጠው ፈሳሽ ውስጥ በእያንዳንዱ 5 ሚሊ ሊትር 125 ሚሊ ግራም መድኃኒት አለ ማለት ነው። ይኸው መድኃኒት 250 mg/5 ml ሆኖም ይመረታል። የሁለቱ ጠርሙሶች መጠንና መልክ ተመሳሳይ ሊሆን ይችላል፤ ሁለተኛው ግን የመጀመሪያውን እጥፍ ይይዛል።

ልዩነቱ ምን እንደሚያስከትል በስሌት ማየት ይቻላል። ሐኪም ለአንድ ሕፃን 250 ሚሊ ግራም አሞክሲሲሊን በየ8 ሰዓቱ ለ5 ቀናት አዘዘ እንበል። ይህ በቀን ሦስት ጊዜ፣ በአጠቃላይ 15 ጊዜ የሚሰጥ ነው። የተገዛው 125 mg/5 ml ከሆነ፣ 250 ሚሊ ግራም ለማግኘት በእያንዳንዱ ጊዜ 10 ሚሊ ሊትር መስጠት ያስፈልጋል። የተገዛው 250 mg/5 ml ከሆነ ግን 5 ሚሊ ሊትር ይበቃል።

ስሕተቱ የሚፈጠረው ቤተሰብ ባለፈው ሕመም ጊዜ የሰጠውን የሚሊ ሊትር ልክ አስታውሶ ጥንካሬው በተለየ አዲስ ጠርሙስ ላይ ሲጠቀምበት ነው። ባለፈው ከ125ቱ ጠርሙስ 10 ሚሊ ሊትር የለመደ ወላጅ አሁን ከ250ው ጠርሙስ 10 ቢሰጥ፣ ሕፃኑ 500 ሚሊ ግራም፣ ማለትም የታዘዘለትን እጥፍ ይወስዳል። ተቅማጥና ማስታወክ ሊከተል ይችላል። በተቃራኒው ከ125ቱ ጠርሙስ 5 ሚሊ ሊትር ብቻ ከተሰጠ ሕፃኑ የሚያገኘው ግማሹን ነው። ሕመሙ በሚገባ አይድንም፤ በሕይወት የተረፈው ተሕዋስም መድኃኒቱን መላመድ ይችላል።

ጥንካሬው ስንት ጠርሙስ እንደሚያስፈልግም ይወስናል። ጠርሙሶቹ ባለ 100 ሚሊ ሊትር ከሆኑ፣ በ250ው ለ15 ጊዜ የሚያስፈልገው 75 ሚሊ ሊትር ስለሆነ አንድ ጠርሙስ ይበቃል። በ125ቱ ግን 150 ሚሊ ሊትር ስለሚያስፈልግ ሁለት ጠርሙስ መግዛት ግድ ነው። አንድ ብቻ የገዛ ቤተሰብ መድኃኒቱ በአራተኛው ቀን ያልቅበታል። በዚያን ጊዜ ትኩሳቱ ቀንሶ ከሆነ፣ ብዙዎች ሕክምናውን እዚያው ያቋርጡታል።

የፓራሲታሞል ጠብታ ከዚህም የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል። ለጨቅላ ሕፃናት የሚዘጋጀው ጠብታ በአንድ ሚሊ ሊትር 100 ሚሊ ግራም የሚይዝ ሲሆን፣ የተለመደው ሽሮፕ ግን 120 ሚሊ ግራሙን የሚይዘው በ5 ሚሊ ሊትር ነው። ክብደቱ 10 ኪሎ ግራም ለሆነ ሕፃን 5 ሚሊ ሊትር ሽሮፕ ተገቢ መጠን ነው። ከጠብታው 5 ሚሊ ሊትር ቢሰጠው ግን 500 ሚሊ ግራም፣ ማለትም የአንድ አዋቂ ክኒን ሙሉ መጠን ይወስዳል። ስለዚህ ጠብታ የያዘ ጠርሙስ ከራሱ መለኪያ ውጭ በሌላ ዕቃ መሰፈር የለበትም።

መለኪያውን በተመለከተ በቤት ውስጥ ያሉ ማንኪያዎች የሚይዙት መጠን ይለያያል። የሾርባ ማንኪያ የሻይ ማንኪያን ሦስት እጥፍ ያህል ይይዛል። አስተማማኙ ከመድኃኒቱ ጋር የሚመጣው፣ በሚሊ ሊትር የተመለከተው ትንሽ ኩባያ ነው። ኩባያው ከሌለ መድኃኒት ቤቱ መርፌ የሌለው ሲሪንጅ እንዲሰጥ መጠየቅ ይቻላል።

ዓይነቱ፦ በምን መልክና በየት በኩል እንደሚወሰድ

ከጥንካሬው ቀጥሎ መድኃኒቱ የተዘጋጀበት ዓይነት ይጻፋል። ክኒን፣ ካፕሱል፣ ሽሮፕ፣ የሚበጠበጥ ዱቄት፣ ጠብታ፣ ቅባትና መርፌ ዋና ዋናዎቹ ናቸው። አንድ ፍሬ ነገር በብዙ ዓይነት ሊቀርብ ይችላል። አሞክሲሲሊን በካፕሱል፣ በዱቄት፣ እንዲሁም በጥቂት ውሃ ውስጥ ሟሙቶ ለሕፃናት በሚሰጥ ክኒን ይገኛል። ስለዚህ ስሙና ጥንካሬው ትክክል ሆኖ ዓይነቱ የተሳሳተ መድኃኒት መግዛት ይቻላል።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው በየቤቱ የሚታወቀው የቴትራሳይክሊን ቅባት ነው። ለዐይን የሚዘጋጀው ቅባት 1 በመቶ ሲሆን፣ ለቆዳ የሚዘጋጀው 3 በመቶ ነው። በቅባት ላይ የሚገኘው የመቶኛ ቁጥር በ100 ግራም ቅባት ውስጥ ስንት ግራም መድኃኒት እንዳለ ያመለክታል። ይሁን እንጂ የሁለቱ ልዩነት በቁጥሩ ብቻ አያበቃም። የዐይን ቅባት ከማናቸውም ተሕዋስ የጸዳ እንዲሆን ተደርጎ ይመረታል። የቆዳው ግን በዚያ ደረጃ ስለማይዘጋጅ ለዐይን ማዋል ጉዳት ያስከትላል። ቱቦው ላይ ለዐይን መሆኑ ካልተጻፈ ዐይን ውስጥ አይገባም።

በክኒኖች ላይ ደግሞ ከስሙ ኋላ SR፣ XR ወይም MR የሚሉ ፊደሎች ሊታዩ ይችላሉ። እነዚህ ፊደሎች ክኒኑ ፍሬ ነገሩን በአንድ ጊዜ ሳይሆን በሰዓታት ውስጥ ቀስ በቀስ እንዲለቅ ሆኖ መዘጋጀቱን ያመለክታሉ። እንዲህ ያለውን ክኒን መፍጨት ወይም ማኘክ የቀኑን መድኃኒት በአንዴ ወደ ሰውነት መልቀቅ ነው። ለደም ግፊትና ለስኳር የሚታዘዙ አንዳንድ መድኃኒቶች በዚህ መልክ ስለሚቀርቡ፣ ለመዋጥ የሚቸገር ታማሚ ከመፍጨቱ በፊት የመድኃኒት ባለሙያውን መጠየቅ ይኖርበታል።

ወደ አሞክሲሲሊኑ ዱቄት ስንመለስ፣ ዓይነቱ አንድ ተጨማሪ ሥራ ያመጣል፤ እርሱም መበጥበጥ ነው። በጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ጥንካሬ እውነት የሚሆነው ውሃው በጠርሙሱ ላይ እስከተመለከተው መስመር ድረስ ብቻ ሲሞላ ነው። ከመስመሩ ካለፈ መድኃኒቱ ይቀጥናል፤ ካነሰ ይወፍራል። ውሃው ፈልቶ በሚገባ የቀዘቀዘ መሆን አለበት። መጀመሪያ የተወሰነው ውሃ ተጨምሮ ዱቄቱ እስኪበታተን ይናጣል፤ ከዚያ እስከ መስመሩ ይሞላና እንደገና ይናጣል። ፍሬ ነገሩ ወደ ታች ስለሚዘቅጥ በተሰጠ ቁጥር መናጥ ያስፈልጋል። ካልተናጠ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ቀጭን፣ የመጨረሻዎቹ ደግሞ ወፍራም መድኃኒት ይሰጣሉ።

የአገልግሎት ማብቂያው፦ የዘመን አቆጣጠር ወጥመድ

የአገልግሎት ማብቂያ ጊዜ EXP በሚል ምልክት ይታወቃል። አጠገቡ የሚገኘው MFG ደግሞ የተመረተበትን ጊዜ ያሳያል። ሁለቱ ተጠጋግተው ስለሚታተሙ ማቀያየር ይከሰታል። ሁልጊዜም የኋለኛው ዘመን ማብቂያው ነው።

ለኢትዮጵያዊ ገዢ ትልቁ ጉዳይ ግን ሌላ ነው። በማሸጊያ ላይ የሚታተመው ቀን፣ በአገር ውስጥ በሚመረቱትም ላይ በአብዛኛው፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። በአሞክሲሲሊኑ ጠርሙስ ላይ EXP 08/2027 ተብሎ ተጽፏል እንበል። ይህን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ያነበበ ሰው 8ኛው ወር ሚያዝያ፣ ዘመኑም 2027 ዓ.ም. ነው ብሎ ይገምታል። በእርግጥ ግን የተጻፈው የአውሮፓውያን ኦገስት 2027 ነው። ቀን ሳይጠቀስ ወርና ዓመት ብቻ ሲጻፍ መድኃኒቱ የሚያገለግለው እስከዚያ ወር መጨረሻ በመሆኑ፣ ማብቂያው ኦገስት 31፣ ማለትም ነሐሴ 25 ቀን 2019 ዓ.ም. ይሆናል። የተሳሳተው ንባብ ከሰባት ዓመት በላይ ያራዝመዋል። እንዲህ የሚያነብ ሰው ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት በእጁ ይዞ ገና ብዙ ዓመት የቀረው ይመስለዋል።

መቀየሪያው አስቸጋሪ አይደለም። የአውሮፓውያኑ ወር ከጃንዋሪ እስከ ኦገስት ከሆነ ከዓመቱ ላይ 8 ይቀነሳል። ከሴፕቴምበር መጨረሻ እስከ ዲሴምበር ከሆነ 7 ይቀነሳል። ወሩን ለማግኘት ጃንዋሪን በጥር ጀምሮ መቁጠር ይበቃል፤ 01 ጥር፣ 02 የካቲት፣ 03 መጋቢት እያለ 08 ነሐሴ፣ 09 መስከረም፣ 12 ታኅሣሥ ይሆናል። የእያንዳንዱ የአውሮፓውያን ወር ማለቂያ በዚህ ስሌት በሚገኘው የኢትዮጵያ ወር ከ20ኛው ቀን አካባቢ እስከ 25ኛው ቀን ባለው ውስጥ ይውላል። ለምሳሌ EXP 03/2026 የተባለ መድኃኒት ያገለገለው እስከ መጋቢት 22 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው።

በማሸጊያው ላይ የታተመው ቀን የሚሠራው መድኃኒቱ ሳይከፈትና በታዘዘው ሙቀት እስከተቀመጠ ድረስ ነው። የአሞክሲሲሊን ዱቄት ከተበጠበጠበት ሰዓት ጀምሮ በካርቶኑ ላይ ያለው ዘመን ያበቃና ሌላ አጭር ዕድሜ ይጀምራል። ይህ ዕድሜ እንደ አምራቹ ይለያያል። ብዙ ጊዜ 7 ቀን ሲሆን፣ በማቀዝቀዣ ለተቀመጠ እስከ 14 ቀን የሚፈቅዱ አሉ። ትክክለኛው በዚያው ጠርሙስ ላይ ተጽፎ ይገኛል። የተበጠበጠበትን ቀን በጠርሙሱ ላይ መጻፍና የተረፈውን ለሚቀጥለው ሕመም አለማስቀመጥ ይገባል።

ሙቀትም በማሸጊያው ላይ ይጠቀሳል። ከ25 ወይም ከ30 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች ይቀመጥ የሚል መድኃኒት እንደ መተማ ባሉ ቆላማ አካባቢዎች ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ከዋለ፣ የታተመው ዘመን ሳይደርስ ኃይሉን ሊያጣ ይችላል። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ የሚል ከሆነ እንደ ኢንሱሊን ቀዝቃዛ ቦታ የሚሻ ነው፤ ሆኖም መቀዝቀዝ እንጂ በረዶ መሆን የለበትም።

የምርት መለያ ቁጥሩ፦ መድኃኒቱን ወደ ምንጩ የሚመልሰው ክር

B. No. ወይም LOT ከሚሉት ፊደሎች ቀጥሎ የሚገኘው የቁጥርና የፊደል ድብልቅ በተለምዶ ባች ቁጥር ይባላል። በአንድ የምርት ሂደት አብረው የተሠሩ ጠርሙሶች ወይም ክኒኖች ሁሉ አንድ ቁጥር ይጋራሉ። ቁጥሩ ስለ መድኃኒቱ ጥራት ምንም አይናገርም። ጥቅሙ ችግር ሲፈጠር ነው፤ ምርቱን ከመደርደሪያ ለመሰብሰብ የሚያስችለው እርሱ ነው።

በጥቅምት ወር 2022 በአውሮፓውያን አቆጣጠር የዓለም ጤና ድርጅት በጋምቢያ ከ60 በላይ ሕፃናትን ሕይወት ከቀጠፈ የኩላሊት ጉዳት ጋር በተያያዘ አራት የሳልና የጉንፋን ሽሮፖችን በተመለከተ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። በሽሮፖቹ ውስጥ መርዛማ የሆኑት ዳይኢትሊን ግላይኮልና ኢትሊን ግላይኮል ተገኝተው ነበር። እንዲህ ያለ ማስጠንቀቂያ ሲወጣ የመድኃኒቱ ስም ብቻውን አይበቃም። በቤቱ ያለው ጠርሙስ ከሚሰበሰቡት አንዱ መሆኑን ለማወቅ የሚቻለው ቁጥሩን በማመሳከር ነው። ካርቶኑን ጥሎ ጠርሙሱን ያስቀረ ሰው እንኳ ቁጥሩን በጠርሙሱ ላይ ያገኘዋል።

ቁጥሩ ሐሰተኛ መድኃኒትን ለመጠርጠርም ይረዳል። በካርቶኑና በውስጡ ባለው ጠርሙስ ወይም ስትሪፕ ላይ የሚገኙት የመለያ ቁጥሮችና የማብቂያ ቀኖች አንድ መሆን አለባቸው። ካልተመሳሰሉ፣ ቀኑ ተፍቆ ከሆነ፣ ወይም በሌላ ወረቀት ከተሸፈነ መድኃኒቱን አለመግዛት ይገባል። የተመሳሰሉ መሆናቸው ግን ብቻውን የእውነተኛነት ማረጋገጫ አይሆንም፤ ማሸጊያውን ጥሩ አድርጎ የሚያስመስል ቁጥሩንም ያስመስለዋል። ስለዚህ ፈቃድ ካለው መድኃኒት ቤት መግዛትና ደረሰኝ መቀበል ያስፈልጋል።

ማሸጊያ ሳይኖር ሲሸጥ

በርካታ ገዢዎች መድኃኒቱን በሙሉ ካርቶን አያገኙትም። ክኒን ከትልቅ ዕቃ ተቆጥሮ በወረቀት ወይም በፕላስቲክ ከረጢት ይሰጣል፤ ስትሪፕም በመቀስ ተቆርጦ ይሸጣል። በስትሪፕ ላይ የማብቂያ ቀኑና የመለያ ቁጥሩ ብዙ ጊዜ በአንዱ ጫፍ ብቻ ስለሚታተሙ፣ ሌላውን ጫፍ የወሰደ ሰው ሁለቱንም ያጣል። በዚህ ጊዜ የመድኃኒት ባለሙያው በከረጢቱ ላይ የመድኃኒቱን የጋራ ስም፣ ጥንካሬውን፣ የአወሳሰዱን ሁኔታ፣ የመለያ ቁጥሩንና የማብቂያ ቀኑን እንዲጽፍ መጠየቅ ይቻላል። ጥያቄው ነውር የለበትም፤ መረጃው ከገንዘቡ ጋር አብሮ የሚገዛ ነው።

ገንዘብ ከመክፈል በፊት የሐኪሙን ማዘዣ ከማሸጊያው ጋር ማነጻጸር የመጨረሻው እርምጃ ነው። የጋራ ስሙ አንድ መሆኑ፣ ጥንካሬው አንድ መሆኑ፣ ዓይነቱ ለታዘዘው አካልና አወሳሰድ የሚሆን መሆኑና ማብቂያው ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ተቀይሮ ሕክምናው እስኪያልቅ የሚያደርስ መሆኑ ይታያል። መድኃኒት ቤቱ ማዘዣው ላይ ካለው የተለየ ጥንካሬ ካቀረበ፣ በሚሊ ግራም የታዘዘው በአዲሱ ጠርሙስ ስንት ሚሊ ሊትር እንደሚሆን ባለሙያው በጽሑፍ ሊያስረዳ ይገባል።

አጠራጣሪ መድኃኒት ያጋጠመው ወይም ከወሰደ በኋላ ያልተጠበቀ ጉዳት የደረሰበት ሰው ለኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በነጻ የስልክ መስመር 8482 መጠቆም ይችላል። ጥቆማው ፍሬያማ የሚሆነው የመድኃኒቱ ስም፣ ጥንካሬው፣ የአምራቹ ስም፣ የመለያ ቁጥሩ፣ የማብቂያ ቀኑና የተገዛበት ቦታ ሲነገር ነው። በመሆኑም መድኃኒቱ ተወስዶ እስኪያልቅ ካርቶኑን፣ ስትሪፑንና ደረሰኙን ማስቀመጥ ያስፈልጋል።